ሠርጌ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሳሎኑ የሰጠኝን ክሬም ሳቆም ፊቴ ይቃጠላል

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለሠርጌ ከአንድ የውበት ሳሎን ጋር የሙሽራ ፓኬጅ ተዋውያለሁ። ሜካፕ፣ ፀጉር፣ ጥፍር፣ የሽፋሽፍት ቅጥያ፣ የፊት ጽዳት፣ ማሳጅ፣ ከዚያ ደግሞ «ማፍኪያ» የሚሉት አለበት። ግማሹን ቀብድ ከፍያለሁ። ከቀሚሴ ዋጋ በልጧል።

ማፍኪያው ክሬም ነው። በትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጡሻል፣ ላዩ ላይ የሳሎኑ ስም ብቻ ተለጥፎበታል። ምን እንዳለበት፣ መቼ እንደተሠራ፣ መቼ እንደሚበላሽ የሚል ነገር የለም። ስጠይቃቸው «ራሳችን ነን የምንቀምመው» አሉኝ። ማታ ማታ ፊቴን እቀባዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ማመን አቃተኝ። በሳምንት ውስጥ የቆየ የብጉር ጠባሳዬ ደበዘዘ፣ ፊቴ ለሰለሰ፣ ቀላ ብሎ ፈካ። ያየኝ ሁሉ አደነቀኝ። የእጮኛዬ እህት «አሁን ገና ሙሽራ መሰልሽ» አለችኝ። አሁን ከጀመርኩት ከወር በላይ ሆኖኛል።

ባለፈው ዘመድ ጋ ሄጄ ክሬሙን ቤት ረሳሁት። ጥቂት ቀን ሳልቀባ ስቀር ፊቴ መቃጠል ጀመረ፣ ቀላ፣ አፌ ዙሪያ ደቃቅ ሽፍታ ወጣብኝ። ሳሎኑ ጋ ስደውል «ቆዳሽ ቆሻሻውን እያወጣ ነው፣ ካቆምሽ ለሠርጉ አይደርስልሽም፣ ቀጥይ» አሉኝ። ተመልሼ ስቀባው በማግሥቱ ጠፋ። ይሄ ነው ያስፈራኝ። አሁን ደግሞ ተጨማሪ ከፍዬ ፊቴን በኬሚካል እንዲልጡኝ ይፈልጋሉ።

እስከ ሠርጉ ቀብቼ ከዚያ ላቁም ወይስ አሁን? በዚያ ላይ ጭንቀቱ እንቅልፍ ነስቶኛል። የቀለበታችን ፎቶ ፊልተር ተደርጎበት ለሁለቱም ቤተሰብ ተልኮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ፊት ነው፣ እኔ ደግሞ ያ ፊት የለኝም።

ቀጥተኛው

እኔም በቅርቡ የማገባ ሰው ነኝ። የምመክርሽ ከእጮኛሽ ጋር በግልጽ እንድትነጋገሪ ነው። እሱ እንደዚህ ሁኚልኝ ካለ ወጪውንም እሱ ይቻል። እኛ ወንዶች እኮ ይሄን ሁሉ አንጠይቅም። ቀሚሱም ሜካፑም ባይኖር እኔ እጮኛዬን አገባታለሁ።

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ ግን ጥያቄዬ ማን ይክፈል አይደለም። እጮኛዬ ምንም ብሎኝ አያውቅም። የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። በየሄድኩበት መጀመሪያ የሚታየው ፊቴ ነው፣ ከዚያ ነው ሰላምታው። «ከሳሽ»፣ «እንቅልፍ አልተኛሽም እንዴ»፣ «ይሄ ነገር እስከዚያ ይጠፋልሽ ይሆን?» ይሉኛል። አንተን በዚህ ሰሞን ስለ ቆዳህ የጠየቀህ ሰው አለ?

ቀጥተኛው

እውነት ለመናገር የለም። ስለ አዳራሹና ስለ መኪናው ብቻ ነው የሚጠይቁኝ።

ተፈጥሮ_ይሻላል

እህቴ ዛሬ ማታውኑ ጣይው! የማይታወቅ ነገር ፊት አይነካም። በሱ ፈንታ ሎሚ ጨምቀሽ ከማር ጋር ቀላቅለሽ ቀቢ፣ ጠዋት ታጠቢው። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳሽም፣ መቅላቱም በሁለት ቀን ይለቅሻል። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምጠቀመው እሱን ነው።

የመድኃኒት_ቤቷ

እህቴ፣ ሎሚውን እባክሽ ተዪው። የተቆጣ ቆዳ ላይ አሲድ ነው የምታፈሽበት። የሎሚ ጭማቂ ተቀብተሽ ፀሐይ ካገኘሽ ደግሞ ቆዳሽ ሊቃጠልና ያ ቦታ ለወራት ሊጠቁር ይችላል። ምንነቱ የማይታወቅ ክሬም ፊት አይነካም ያልሽው ግን ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሙሽራዋ ልምጣ። ፋርማሲስት ነኝ፣ ይሄን ታሪክ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዕቃውን ሳላይ፣ ክሬሙ ሳይመረመር ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም። ነገር ግን የነገርሽን ቅደም ተከተል ተመልከቺ። በጥቂት ቀን ውስጥ ፊት ይለሰልሳል፣ ይፈካል፣ የብጉር ጠባሳ ይደበዝዛል። ሲቆም ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ሽፍታ ይወጣል። ሲቀባ መልሶ ይጠፋል። ይሄ የጠንካራ ስቴሮይድ ጠባይ ነው። እንደዚህ ባሉ ስም የለሽ ማፍኪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ነው።

ክሎቤታሶል ለቆዳ ከሚሰጡ ስቴሮይዶች ሁሉ ከጠንካሮቹ ጎራ ነው። ሐኪም ሲያዝ እንኳ በተከታታይ ከ2 ሳምንት አይበልጥም፣ ለፊት ደግሞ በአብዛኛው አይታዘዝም። አንቺ ከወር በላይ ፊትሽን ቀብተሻል። ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ያፍናል፣ ደቃቅ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ቆዳው ቀለም የሚሠራበትንም ሥራ ያዳክማል። ሳምንት ሳይሞላ «ፈካሽ» የተባልሽው ለዚህ ነው። ውሎ ሲያድር ግን ቆዳውን ያሳሳዋል። ስታቆሚ ደግሞ ጠበው የቆዩት የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ታፍኖ የነበረው ቁጣ ሁሉ ባንዴ ይመጣል። «ቆሻሻ እያወጣ ነው» የሚባል ነገር የለም። ቆዳሽ መድኃኒቱን ለምዶ ነው።

አንድ ነገር በመስታወት እዪልኝ። አፍሽ ዙሪያ ያለው ሽፍታ እስከ ከንፈርሽ ድረስ ይደርሳል ወይስ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ያልቀላ ቀጭን መስመር ትቶ ነው?

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

አሁን አየሁት። እንዳልሽው ነው። ከንፈሬ ዙሪያ ቀጭን ንጹሕ መስመር አለ፣ ከሱ ወዲያ ነው ደቃቆቹ የተበተኑት። አፍንጫዬ ጎንና ጎንም ትንሽ አለ። ጉንጬ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ ነገሮች ይታዩኛል፣ ድሮ አልነበሩም።

የመድኃኒት_ቤቷ

እንግዲያው በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። እንዲህ ያለ የአፍ ዙሪያ ሽፍታ ፊት ላይ ስቴሮይድ ሲበዛ የታወቀ ነው። ክሮቹ ቆዳው በመሳሳቱ የታዩ የደም ሥሮች ይመስሉኛል። የክሬሙን ዕቃ እንዳትጥይው፣ ይዘሽው ሂጂ። «እስከ ሠርጉ ልቀባ» ያልሽው ደግሞ አያዋጣሽም። ስድስት ሳምንት ስትጨምሪበት የኋላው ቁጣ የባሰ ይሆናል፤ በሠርግሽ ማግሥት፣ ካዲሱ ባለቤትሽ ጋር ዕረፍት ላይ ሳለሽ ነው የሚነሳብሽ።

መላጡን በምንም ዓይነት እንዳትቀበዪ። የሳሳ ቆዳ ላይ አሲድ ሲደረግ ይቃጠላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቁስሉ ቢድን እንኳ ጥቁር ምልክቱ ለመጥፋት ወራት ይወስዳል።

ሌላም ልጠይቅሽ። ክሬሙን ስትቀቢ ቀለበት አውልቂ፣ ወርቅ ወይም ብር አያስነኩት ብለውሻል?

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

አላሉኝም። ለምን?

የመድኃኒት_ቤቷ

አንዳንድ ማፍኪያ ውስጥ ሜርኩሪ ይጨመራል። ሜርኩሪ ጌጣ ጌጥ ስለሚያበላሽ አንዳንዶቹ ሻጮች ያንን ማስጠንቀቂያ ይናገራሉ፣ ዋናውን ግን ይደብቃሉ። ስላላሉሽ የለበትም ማለት አይደለም። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ቢያረግዙ ለጽንሱም ይተርፋል። ቶሎ ለመውለድ ካሰባችሁ ይሄንንም ለሐኪሙ ንገሪው። የተለጠፈ ጽሑፍ ያለው ክሬም ቢሆን ኖሮ «ካሎሜል» ወይም «መርኩረስ ክሎራይድ» የሚል ትፈልጊ ነበር፤ ያንቺው ባዶ ስለሆነ የሚነበብ ነገር የለም።

የሙሽራ_እናት

ልጆች፣ አነበብኩት። እኔም ባለፈው ዓመት ልጄን ድሬአለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጄ አምራ እንድትታይ መመኘቴ ጥፋት ነው? ፎቶው ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። እኛ የተዳርነው ማንም ሳይኳኩለን ነው፣ ለልጆቻችን ግን የጎደለ ነገር እንዳይኖር ፈለግን። «ከሳሽ» ስንልም በፍቅር ነው፤ ሙሽራ ሲያዩ ሰው የሚለው ቢያጣ ይሄን ይላል።

አምና_ያገባች

እትዬ፣ በፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ግን እርስዎ አንዴ ይሉታል፣ አክስት ይደግሙታል፣ ጎረቤት ይጨምሩበታል፣ ልጅቷ ግን ሁሉንም ብቻዋን ነው የምትሰማው። እኔ ሠርጌ ሲቃረብ ሰው ቤት መሄድ ትቼ ነበር፣ መጀመሪያ ፊቴን እንዳያዩኝ ብዬ።

የኔን ጉዳት ልንገርሽ ሙሽሪት። እንዳንቺ በክሬም አይደለም፣ በሽፋሽፍት ነው። ከዚያ በፊት አስቀጥዬ አላውቅም። የሠርጌ ዋዜማ ከሰዓት አስቀጠልኩ፣ ማታ ዓይኔ ማሳከክ ጀመረ፣ ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ አብጦ ግማሽ ነው የሚከፈተው። ሙጫው አልተስማማኝም። ሐኪም ቤት ሄጄ አስነሣሁት፣ ሜካፕ የሠራችልኝም ልጅ ዓይኔን እንደ ነገሩ ሸፋፍና አወጣችኝ። ፎቶዬን ሳይ አሁንም የሚታየኝ ዓይኔ ነው። የሚገርመው ሽፋሽፍቱን እኔ አልጠየቅኩም፣ ፓኬጁ ውስጥ ስላለ «ከፍዬበታለሁ» ብዬ ነው ያስቀጠልኩት።

ስለዚህ ስለ ገንዘቡ የምልሽ፣ ሄደሽ እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ስንት እንደሆነ አጽፊ። ፓኬጅ ሲባል ጠቅላላው ብቻ ነው የሚነገርሽ፣ ከዚያ የማትፈልጊውን ስትተዪ «ዋጋው ያው ነው» ይሉሻል። እኔ ኋላ ላይ ሳስለው ፎቶው ላይ የሚታየው ሜካፑና ፀጉሩ ብቻ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ከጠቅላላው ግማሹን እንኳ አይሞሉም።

ብሩሽና_ቀለም

ሙሽራ የማስውብ ባለሙያ ነኝ። እንደኛ ያሉ ሰዎች ሲወቀሱ ማንበብ ባይመቸኝም የሳሎኑ ነገር እኔንም አናዶኛል፣ ስለዚህ ከሙያዬ በኩል የማውቀውን ልናገር።

ፊትሽን ማፍካት ለሜካፑ አይጠቅምም። እንዲያውም ሥራውን ያከብደዋል። ፊት ሁለትና ሦስት ደረጃ ሲቀላ አንገት፣ ደረትና እጅ ባሉበት ይቀራሉ። የሙሽራ ቀሚስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንገትና ትከሻ ያሳያል። ስለዚህ ፋውንዴሽኑን በፊቷ ልክ ብመርጥ ከአንገቷ ይለያል፣ ባንገቷ ልክ ብመርጥ የተከፈለበት «ፍካት» ይሸፈናል። ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ሌላው ደግሞ ቆዳው ነው። የሚላላጥና የሳሳ ቆዳ ላይ ፋውንዴሽን አይቀመጥም። ስትቀቢው ያምራል፣ ከሰዓት በኋላ አፍንጫ ጎንና አገጭ ላይ ቅርፊት እየያዘ ይነሣል። ያንን የምናየው በቪዲዮ ነው፣ በተለይ ሙሽራዋ ስትስቅ።

አንቺ እስካሁን የሙከራ ሜካፕ ተሠርተሻል?

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

ተሠርቻለሁ፣ ክሬሙን በጀመርኩ ሰሞን። ቀለሙን ያኔ መርጠውልኛል።

ብሩሽና_ቀለም

እንግዲያው ያ ሙከራ አያገለግልሽም። ያኔ የነበረው ፊት አሁን የለም፣ አሁን ያለውም ከስድስት ሳምንት በኋላ አይኖርም። ሙከራውን ወደ መጨረሻው አካባቢ አምጪው፣ ከሠርጉ አሥር ቀን ገደማ ሲቀር። ቀለሙን በጉንጭሽ ሳይሆን መንጋጋሽ ሥር ወደ አንገትሽ ወርደው ያውጡት፣ በመስኮት ብርሃንም እዪው። ከዚያ ደግሞ ጨለም ያለ ክፍል ገብተሽ በፍላሽ ፎቶ ተነሺ። አንዳንድ ፓውደርና ፀሐይ መከላከያ የፍላሹን ብርሃን ይመልሰዋል፣ በመስታወት ደህና የነበረ ፊት ፎቶው ላይ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ይሄ በዓይን አይታወቅም፣ በፍላሽ ብቻ ነው የሚያዘው።

ተፈጥሮ_ይሻላል

የመድኃኒት ቤቷ፣ ሎሚውን ትቻለሁ እሺ። ግን ማቆም ካለባት ለምን ዛሬውኑ አታቆምም? አክስቴ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ሐኪሟ ባንዴ ነው ያስቆማት።

የመድኃኒት_ቤቷ

ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ ሐኪሞችም አንድ ዓይነት አያደርጉትም። አንዳንዱ ባንዴ ያስቆማል፣ ቁጣውን በሌላ መድኃኒት ይይዘዋል። አንዳንዱ ወደ ደካማ ስቴሮይድ አውርዶ በጥቂት ሳምንት ቀስ ብሎ ያስጥላል። የሚወስነው ምን ያህል ጊዜ እንደተቀባ፣ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ፊቱ አሁን ምን እንደሚመስል ነው። ለዚህ ነው ከዚህ ሆኜ «አቁሚ» ወይም «ቀንሺ» ያላልኳት። ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ፊቷን ጠረን በሌለው ለስላሳ ነገር ትታጠብ፣ ሌላ ክሬም አትጨምር፣ የፊት ጽዳቱንም ትሰርዝ።

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄጄ መጣሁ፣ ልንገራችሁ።

ዕቃውን ከፍቶ አየው፣ አሸተተው፣ «የተጻፈ ነገር የለውም?» አለኝ። ፊቴን በማጉያ መስታወት ካየ በኋላ ስቴሮይድ ነው ብሎ እንደሚገምት ነገረኝ። ክሬሙን አስቆመኝ። ለጥቂት ቀን ብቻ የሚቀባ ደካማ ነገር አዘዘልኝ፣ ከዚያ እሱም ይቆማል። የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጠኝ፣ ሳይጽፈው በፊት እርጉዝ አለመሆኔን ጠየቀኝ። ሜርኩሪ እንዳለበት ለማወቅ የሽንት ምርመራ ላከኝ፣ ውጤቱ ገና ነው። ለሠርጉ ይደርሳል ወይ ስለው «መቃጠሉ ይለቅሻል፣ ሽፍታው ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለኝ። አለቀስኩ፣ እውነቱን ስለነገረኝ ግን ትንሽ ቀለለኝ።

አሁን ፊቴ አስቀያሚ ደረጃ ላይ ነው። ቀይ ነው፣ ሲታጠቡት ይለበልባል። እጮኛዬ አይቶኝ ደነገጠ፣ ምክንያቱን ስነግረው ደግሞ ተናደደ። እህቱ ደወለችልኝ፣ «እኔ እንደዚህ መሆኑን መች አወቅኩ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፣ ፎቶውን ግን ከቤተሰብ ቡድኑ እንድታነሣው ለምኛታለሁ። በሱ ፈንታ ባለፈው ዓመት ፀሐይ ላይ ስንስቅ የተነሣነውን፣ ምንም ያልተነካውን ላክን።

ሳሎኑ ግን አስቸገረኝ። የሐኪሙን ወረቀት ባሳያቸውም «ክሬሙ ስጦታ ነበር፣ ያልተከፈለበት ነገር አይመለስም» አሉ። ውሉ ላይ ግን ማፍኪያው ከነዋጋው ተዘርዝሯል።

አምና_ያገባች

ውሉ ላይ ዋጋ ከተጻፈበት ስጦታ አይደለም። ገጹን ፎቶ አንሺ፣ ጥያቄሽን በጽሑፍ ላኪላቸው፣ በስልክ ብቻ እንዳትነጋገሪ። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ ደግሞ ይሄ ሳይዘጋ እንዳትከፍዪ።

ቀጥተኛው

ለእጮኛዬ አነበብኩላት። እሷም ማታ ማታ የምትቀባው ስም የሌለው ነገር አላት። «የጓደኛዬ ሳሎን ነው የሰጠኝ» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኗታል። ሁለት ሳምንትም ያስፈራል?

የመድኃኒት_ቤቷ

ከወር ይሻላል። እንዲያውም ገና ስላልለመደው ቶሎ መላቀቅ ትችላለች። ነገር ግን ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይቀጠልም። ሐኪም ትይ፣ ዕቃውን ይዛ። የቆጣሃት ወይም የነቀፍካት እንዳይመስላት አብረሃት ብትሄድ ጥሩ ነው።

የሙሽራ_እናት

ልጄን ጠየቅኳት። እሷም እንዲህ ያለ ነገር ተቀብታ ነበር፣ ለኔ አልነገረችኝም፤ ከሠርጉ በኋላ ፊቷ ለምን እንደተቆጣ ያኔ አልገባኝም ነበር። እኔ የድካም መስሎኝ «ተኚ» ነበር የምላት። እኔ አሁንም ሙሽራ ማማር አለባት እላለሁ። ግን ያ ዕቃ ቤቴ መግባቱን ባውቅ አላስቀባትም ነበር።

ሙሽሪት ልጄ፣ ሽፍታው ባይጠፋ ምን ልታደርጊ አስበሻል?

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

እትዬ፣ ገና አልወሰንኩም። እናቴ ሠርጉን እናራዝመው ትላለች፣ እኔ አልፈልግም። ሜካፑን ሌላ ሰው ጋ ለማሠራት እያሰብኩ ነው፣ ግን ቀብዱ እዚያ ቀልጦ ይቀራል። ብሩሽና ቀለም፣ እንደዚህ ያለ ሽፍታ ላይ ሜካፕ ይደረጋል?

ብሩሽና_ቀለም

ሐኪምሽ ከፈቀደ ይደረጋል፣ ግን ስስ አድርጎ ነው። ሽፍታ በቀለም ብዛት አይሸፈንም፣ ቅላቱ ቢጠፋ እንኳ እብጠቱ ጥላ ይጥላል፣ ወፍራም ሲደረግበት ደግሞ የበለጠ ይጎላል። ቀዩን ብቻ በአረንጓዴ የቀለም ማስተካከያ በጣት ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ማጥፋት፣ ከዚያ ቀጠን ያለ ፋውንዴሽን፣ አፍ ዙሪያ ፓውደር አለማብዛት ነው። ብሩሾቹ የታጠቡ መሆናቸውን ጠይቂ። ያልተቀባሽው አዲስ ምርት ካለ በዋናው ቀን አይነካሽ፤ ሁለት ቀን ቀድሞ ጆሮሽ ጀርባ ይሞከር። የምትሠራሽ ማንም ትሁን ማን፣ አሁን በቀላበት ሰዓት ፎቶ አንሥተሽ ላኪላት፣ ያለ ፊልተር። ያንን አይታ «ችግር የለም፣ እንሸፍነዋለን» ብቻ ካለችሽ ሌላ ፈልጊ፤ በምን እንደምትሠራው ከነገረችሽ ያዣት።

ሙሽሪት_በመንገድ_ላይ

ለሁለት ሰዎች ልኬዋለሁ። አንዷ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ሌላዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መድኃኒት እንደምወስድና ፀሐይ መከላከያ የምቀባው የትኛውን እንደሆነ ነው። ቅዳሜ ላገኛት ነው። የሽንቱ ውጤት ሲመጣም እጽፍላችኋለሁ።